ሮንስኪያን ዜሮ የሚሆንባት አንዲት ነጥብ

አፕላይድ ማቲማቲክስ ሦስት የሚወስዱ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ሮንስኪያን ላይ ስንደርስ አካሄዱን ሁሉም ያውቁታል። የአንድ ዲፈረንሺያል እኩልታ ሁለት መፍትሔ ይሰጣቸዋል፣ ዴሪቫቲቫቸውን ከሥር ይጽፋሉ፣ ሮንስኪያን የሚባለውን ዲተርሚናንት ያወጣሉ። ዜሮ ካልሆነ «ሊኒየርሊ ኢንዲፔንደንት» ብለው y = c₁y₁ + c₂y₂ ይጽፉና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋሉ።

አንዷ ተማሪ ግን አላለፈችም። «ቲቸር፣ አንዱ የሌላው ብዜት እንዳልሆነ እኮ በዓይን ይታያል። ዲተርሚናንቱ ለምን አስፈለገ? ደግሞስ ከእነዚህ ውጪ ሌላ መፍትሔ እንደሌለ በምን አወቅን?» አለችኝ።

ሁለተኛው ጥያቄዋ ዋናው ነው። «ጄነራል ሶሉሽን» ስንል «አንድም መፍትሔ አልቀረም» ማለታችን ነው። ይህን ያህል ትልቅ ነገር ከአንዲት ትንሽ ዲተርሚናንት እንዴት ይወጣል? ስለዚህ ትርጉሙን ከማንበብ ይልቅ ዲተርሚናንቱ ከየት እንደመጣ ከታች ጀምሬ ላሳያቸው ወሰንኩ።

የጀመርኩት በቀላሉ ነው፦ y'' + 3y' + 2y = 0። መፍትሔዎቹ e⁻ˣ እና e⁻²ˣ ናቸው። «x = 0 ላይ የy ዋጋ a፣ የy' ዋጋ ደግሞ b እንዲሆን እፈልጋለሁ። c₁ እና c₂ን ፈልጉልኝ» አልኳቸው። ሁለት እኩልታ መጣ፦

c₁ + c₂ = a
−c₁ − 2c₂ = b

ሲፈቱት c₁ = 2a + b፣ c₂ = −(a + b) ሆነ። a እና b ምንም ይሁኑ ምን መልስ አለ። ለምን ሁልጊዜ መልስ ተገኘ? የሁለቱ እኩልታዎች ዲተርሚናንት 1·(−2) − 1·(−1) = −1 ስለሆነ፣ ማለትም ዜሮ ስላልሆነ። ያ ዲተርሚናንት ደግሞ ሌላ ምንም አይደለም፤ x = 0 ላይ የተሰላው ሮንስኪያን ራሱ ነው። ሙሉው W = y₁y₂' − y₁'y₂ = −e⁻³ˣ ነው፣ x = 0 ሲገባበት −1 ይሰጣል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ደረጃ አለ። ዲተርሚናንቱ የነገረን ከየትኛውም መነሻ የሚነሳ ድምር መሥራት እንደምንችል ብቻ ነው። ሌላ መፍትሔ እንደሌለ የሚነግረን ሌላ ቲዎረም ነው፦ y'' ብቻውን እንዲቆም ተደርጎ የቀሩት ኮፊሸንቶች ኮንቲኒዩስ ከሆኑ፣ በአንድ ነጥብ ላይ y እና y' ከተወሰኑ መፍትሔው አንድ ብቻ ነው። አሁን ማንም ሰው አንድ እንግዳ መፍትሔ Y ይዞ ይምጣ። x = 0 ላይ ዋጋውንና ስሎፑን አነባለሁ። በእነሱ c₁ እና c₂ን አወጣለሁ። የእኔ ድምርና የሰውዬው Y ከአንድ ቦታ በአንድ ስሎፕ ተነሱ። ስለዚህ አንድ ናቸው። የሚያመልጥ መፍትሔ የለም።

ክፍሉ ውስጥ ይህን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ተናገርኩት። ዲተርሚናንቱ ግማሹን ሥራ ይሠራል፣ ቲዎረሙ ግማሹን። ቲዎረሙ «ኮንቲኒዩስ ከሆኑ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ስላለው፣ እሱ ሲጎድል ምን እንደሚፈጠር ማሳየት ነበረብኝ። ለዚህ የመረጥኩት እኩልታ ይኼ ነው፦

x²y'' − 4xy' + 6y = 0

y = xʳ ብለን ስንሞክር r² − 5r + 6 = 0 ይመጣል፣ r = 2 እና r = 3። መፍትሔዎቹ x² እና x³ ናቸው። ሮንስኪያኑ፦

W = x²·3x² − 2x·x³ = x⁴

በx = 1 ዋጋው 1 ነው። በx = 0 ግን ዜሮ። ወዲያው ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ዜሮ ስላለበት ዲፔንደንት ናቸው» አለ። ግማሹ «x² እና x³ እንዴት ብለው ዲፔንደንት ይሆናሉ?» አለ። ሁለተኞቹ ትክክል ናቸው። ሮንስኪያን ቢያንስ በአንድ ነጥብ ላይ ከዜሮ የተለየ ከሆነ ፈንክሽኖቹ ኢንዲፔንደንት ናቸው፤ ይኼ የማያወላዳ ነው። ግን የመጀመሪያዎቹም ያነሱት ነገር መሠረት አለው። የኮፊሸንቶቹ ቅድመ ሁኔታ ሲሟላ የመፍትሔዎች ሮንስኪያን ወይ በሙሉ ዜሮ ነው፣ ወይ በጭራሽ ዜሮ አይሆንም። እዚህ አንዴ ዜሮ፣ አንዴ ዜሮ ያልሆነ ሮንስኪያን መጣ። እንዴት?

ለዚህ ኖርዌጂያዊው አቤል ያገኘውን ቀመር በእጃችን አወጣን። ሦስት መስመር ብቻ ነው የሚፈጀው። እኩልታውን y'' + py' + qy = 0 ብለን እንጻፈው። Wን ዲፈረንሺየት ስናደርግ መሐል ያሉት ተጣፍተው W' = y₁y₂'' − y₁''y₂ ይቀራል። በy'' ቦታ −py' − qy እንተካ። q ያለባቸው ሁለት ቁርጥራጮች እርስ በርስ ይጠፋሉ። የሚቀረው፦

W' = −pW

ነው። ይኼን ማንም ይፈታዋል፤ W አንድ ኮንስታንት ሲባዛ በe^(−∫p dx) ነው። ኤክስፖኔንሻል መቼም ዜሮ አይሆንም። ስለዚህ Wን ዜሮ ሊያደርገው የሚችለው ኮንስታንቱ ብቻ ነው፣ እሱ ዜሮ ከሆነ ደግሞ W ሁሉም ቦታ ዜሮ ነው። በመጀመሪያው ምሳሌያችን p = 3 ነበር፣ Wም −e⁻³ˣ ሆኖ መጥቷል። ልክ ገጠመ።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንመለስ። በx² ስናካፍል p = −4/x ይሆናል። x = 0 ላይ p የለም። ከዜሮ በስተቀኝ ብቻ ከቆየን ቀመሩ W = Cx⁴ ይላል፣ ያገኘነውም እሱኑ ነው። W ዜሮ የሆነው ቀመሩ ስለተሳሳተ አይደለም። እኩልታው ራሱ እዚያ ነጥብ ላይ ስለሚሰበር ነው።

ታዲያ በመላው የቁጥር መስመር ላይ c₁x² + c₂x³ ጄነራል ሶሉሽን ነው? ያቺው ተማሪ «ነው፣ ኢንዲፔንደንት ናቸው ብለናል አይደል?» አለች። ሰሌዳው ላይ |x|³ ጻፍኩና «ይኼን አስገቢና ሞክሪው» አልኳት።

ወጥታ ሠራችው። ከዜሮ በስተቀኝ x³ ነው፣ መፍትሔ ነው። ከዜሮ በስተግራ −x³ ነው፣ እሱም መፍትሔ ነው። ዜሮ ላይ ፈንክሽኑም፣ ዴሪቫቲቩም፣ ሁለተኛ ዴሪቫቲቩም ዜሮ ናቸው፤ ሲገባ 0 = 0። እንከን የለውም። ነገር ግን |x|³ን ከx² እና ከx³ ድምር ለመሥራት ብትሞክሩ አይሠራም። በቀኝ በኩል c₁ = 0፣ c₂ = 1 ይፈልጋል። በግራ በኩል c₂ = −1 ይፈልጋል። አንድ c₂ ሁለቱንም ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛ ኦርደር እኩልታ፣ ሦስት ኢንዲፔንደንት መፍትሔ። ክፍሉ ዝም አለ።

ከዚያ የx³ እና የ|x|³ን ሮንስኪያን አብረን አሰላን። የ|x|³ ዴሪቫቲቭ 3x|x| ነው። x³·3x|x| − 3x²·|x|³ ሲሰላ 3x⁴|x| − 3x⁴|x| ይሆናል። ዜሮ፣ በሁሉም ቦታ። ሁለቱ ግን በመላው መስመር ላይ ኢንዲፔንደንት ናቸው። ስለዚህ «ሮንስኪያን ዜሮ ከሆነ ዲፔንደንት ናቸው» የሚለው አረፍተ ነገር ብቻውን ሲቆም ውሸት ነው። ይህን ዓይነት ምሳሌ በ1889 ፔያኖ የተባለው ጣሊያናዊ አሳይቷል፤ የእሱ x² እና x|x| ነበሩ። ፈንክሽኖቹ p እና q ኮንቲኒዩስ የሆኑለት የአንድ እኩልታ መፍትሔዎች ከሆኑ ግን አረፍተ ነገሩ እውነት ነው።

ሦስተኛውን መፍትሔ ማን አስገባው? ሁለቱን የመስመሩን ጎኖች የሚያገናኛቸው ዜሮ ነጥብ ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ የአንድ መፍትሔ ቲዎረም አይሠራም። በቁጥር እንየው። y(1) = 1፣ y'(1) = 2 እንበል። c₁ + c₂ = 1 እና 2c₁ + 3c₂ = 2 ናቸው፣ መልሱ c₁ = 1፣ c₂ = 0። በቀኝ በኩል y = x² ብቻ ነው፣ አለቀ። ዜሮን ተሻግረን ስንሄድ ግን x² + 5x³ም፣ x² − 100x³ም ከዚሁ x² ጋር ያለ ምንም ስንጥቅ ይገጥማሉ። x = 1 ላይ የተሰጠው መረጃ ወደ ግራ አይሻገርም።

ከዚህ ወዲህ የማስጠናበትን ቅደም ተከተል ቀይሬዋለሁ። ድሮ መፍትሔ ፈልጎ፣ ዲተርሚናንት አውጥቶ፣ መልስ መጻፍ ነበር። አሁን መጀመሪያ y'' ብቻውን እንዲቆም በፊቱ ባለው ነገር ማካፈል ነው። ከዚያ p እና q የሚበላሹበትን ነጥብ መክበብ። ከዚያ ኢንተርቫል መምረጥ፤ የመነሻ ነጥቡ ከየትኛው ወገን እንዳለ አይቶ። ዲተርሚናንቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም በአንድ ምቹ ነጥብ ማስላት ይበቃል። እንደ e²ˣcos 3x ያለ ነገር ሲመጣ ሙሉውን Wን ከማስፋት x = 0 አስገብቶ አራት ቁጥር ማባዛት ይሻላል፤ የቀረውን የአቤል ቀመር ይሞላዋል። ሙሉውን ያሰላ ተማሪ ደግሞ በቀመሩ ያመሳክር። p = 3 ሆኖ Wው ውስጥ e⁻²ˣ ከመጣ፣ ወይ ዴሪቫቲቩ ወይ መፍትሔው ስህተት አለበት። ይኼ ፈተና ላይ ብዙ ማርክ ያድናል።

ያቺው ልጅ በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጨመረች። «W ዜሮ ባይሆንም ዜሮ አካባቢ ቢሆንስ?» ለዚያው እኩልታ y(0.1) = 1፣ y'(0.1) = 0 ብላችሁ ሞክሩ አልኳቸው። W እዚያ 0.0001 ነው። c₁ = 300፣ c₂ = −2000 መጣ። መነሻውን ወደ 0.01 ስናስጠጋው c₁ = 30,000፣ c₂ = −2,000,000 ሆኑ። መፍትሔው አሁንም አለ፣ አሁንም አንድ ነው። ግን y ዋጋው 1 እንዲሆን ሁለት ግዙፍ ቁጥሮች እርስ በርስ መጣፋት አለባቸው፦ 3 ሲቀነስ 2። የመነሻ ዋጋው ላይ 0.001 ስህተት ካለ c₂ በ2,000 ይንቀሳቀሳል። የላብራቶሪ ንባብ ይዞ የሚመጣ ኢንጂነር መነሻ ነጥቡን ከዚያ ቢያርቀው ይሻለዋል።