በጓደኛዬ ምዕራፍ ላይ አስተያየት ስጽፍ

ጓደኛዬ ከምትጽፈው የሕይወት ታሪኳ አንዱን ምዕራፍ እንዳነብላት ሰጥታኝ ሰሞኑን ከእሱ ጋር ሰንብቻለሁ። ምዕራፉ አባቷ ከቤት የወጡበትን ሌሊትና ከዚያ በኋላ የነበሩትን ወራት ይተርካል። አጻጻፏ እንደ አነጋገሯ ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቿ ይረዝማሉ፣ የተናገረችውን ደግማ ታነሣለች፣ አንዳንዴም ሐሳቧን ሳትቋጭ ወደ ሌላ ትሻገራለች። ይህን ሁሉ ማቃናት ቀላል ነው፤ ከተቃና በኋላ ግን ማን እንደጻፈው የማይለይ ንጹሕ ጽሑፍ ብቻ ይቀራል ብዬ እፈራለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ እርሳስ ሳልይዝ ድምፄን አሰምቼ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ ሁለት ዓይነት ምልክት አደረግሁ፤ የጠፋብኝ ነገር ባለበት ቦታ ሥር መስመር አሰመርኩ፣ ምንም ሳይጠፋብኝ «እኔ ብሆን በሌላ መንገድ እለው ነበር» ያልኩበት ቦታ ላይ ደግሞ ነጥብ አኖርኩ። ነጥቦቹ ስለ እኔ ልማድ እንጂ ስለ እርሷ ጽሑፍ የሚናገሩት ነገር ስለሌለ አንዳቸውንም ወደ አስተያየቴ አላሻገርኩም። የሠራሁትም በታተመ ወረቀት ላይ ነው፤ በኮምፒውተር ፋይሏ ውስጥ ብገባ ኖሮ እጄ ቃል ወደ መለወጥ ይሄድ ነበር።

ነጥብ ካኖርኩባቸው አንዱ የሌሊቱ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «አባቴ ተነሥተው፣ መብራት ሳያበሩ ኮታቸውን ከበሩ ጀርባ አውርደው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እኔ የተኛሁበትን አልጋ አልፈው፣ አንድ ጊዜ ቆም ብለው፣ ወጡ።» ለሙከራ በአራት ነጥብ ቆራረጥኩት፦ «አባቴ ተነሡ። መብራት አላበሩም። ኮታቸውን አወረዱ።» እያንዳንዱ ድርጊት ራሱን ችሎ ተዘጋ፤ በጨለማ ተኝታ የምታዳምጠው ልጅም ከውስጡ ወጣች። በእርሷ አጻጻፍ ግን ማሰሪያው ግሥ እስከ መጨረሻው ስለሚዘገይ አንባቢው ሰውየው ይቀሩ ወይም ይሄዱ እንደሆነ ሳያውቅ ከልጅቷ ጋር ይጠብቃል። ርዝመቱ ሥራ እየሠራ ነው፤ ስለዚህ በኅዳጉ ላይ «እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ይወጣሉ ብዬ አላመንኩም ነበር» ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ያለው ማስታወሻ ከሙገሳ ይልቅ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ፤ ጽሑፉ በአንባቢ ላይ የት ቦታ ምን እንዳደረገ ስለሚነግራት በኋላ ራሷ ስትከልስ ያንን ቦታ አታፈርሰውም።

መስመር ያሰመርኩበት ከባዱ ቦታ ሌላ ነው። አባቷን በምዕራፉ ሁሉ «እርሳቸው» ትላለች፣ ቁጣዋን በምትጽፍበት አንቀጽ ላይ ግን «ትቶኝ ሄደ» ብላ አክብሮቱን ትጥለዋለች። ይህን ወጥ ማድረግ ስሕተት ይሆናል፤ ቁጣው ያለው በዚያ መውደቅ ውስጥ ነው። ከሁለት ገጽ በኋላ ግን ስለ አባቷና ስለ ታላቅ ወንድሟ ስትተርክ «ደብዳቤም ጻፈልን» የሚል መጣ። አባትየው አንድ ጊዜ «እሱ» ስለተባሉ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ልለይ አልቻልኩም። «ጻፉልን» ብዬ ላርመው እጄ ዳድቶ ነበር፤ ሆኖም ያ ማረም ሳይሆን መገመት ነው። «እዚህ ላይ ደብዳቤውን የጻፈው አባትሽ ይሁን ወንድምሽ ጠፋብኝ። ማን ነበር?» ብዬ ብቻ ጻፍኩ።

ወረቀቱን ይዘን ስንቀመጥ ያን ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያም የጻፈው ወንድሟ እንደነበረ፣ እናታቸው እንድትጽናና በአባቷ ስም እንደጻፈው፣ እርሷም የእጅ ጽሑፉን ለይታ ዝም እንዳለች ነገረችኝ። ይህ በምዕራፉ ውስጥ አልነበረም። የምትናገረውን ቃል በቃል ጽፌ ሰጠኋት እንጂ እንዴት ብታስገባው እንደሚሻል አልነገርኳትም። በረቂቅ የደከመ ሰው የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር ሲቀርብለት፣ የራሱ ባይሆንም እንኳ፣ ለስላሳ ስለሆነ ብቻ ይቀበለዋል፤ ስለዚህ ምትክ ዓረፍተ ነገር ማቅረብን ከሁሉ አብልጬ እጠነቀቃለሁ።

አንድ ነገር ግን ለመወሰን ተቸግሬያለሁ። «እንደማስታውሰው» የሚለው በብዙ አንቀጾች ይመላለሳል። እያወጣሁ ሳነበው፣ ትዝታዋ በእውነት በሚጠራጠርባቸው ቦታዎች ላይ ሲወጣ ታሪኩ ይጎድላል፤ ስለ ቤቱ ክፍሎች በምትናገርበት ቦታ ላይ ግን ምንም አይጎድልም። የሚገኝባቸውን ቦታዎች ብቻ አክብቤ፣ በየትኞቹ ላይ በእርግጥ እንደምትጠራጠር እንድትለይ ጠየቅኋት። የፊደልና የሥርዓተ ነጥብ እርማቱን የደብዳቤው ክፍል ተጽፎ እስኪያልቅ አቆይተነዋል፤ ገና ሊለወጥ የሚችልን አንቀጽ አሁን ማጽዳት እንዳይለወጥ ያደርገዋልና።