ጥፋቱ የዜሮ ቁልፉ ነበር

ሒሳብ ክፍል ያለች ባልደረባዬ 500 ልትጽፍ ፈልጋ 5000 አስገባች ተብሎ ተወቀሰች። «አንዴ ነው የነካሁት» ብትልም የሰማት የለም። አለቃችን «ቀስ ብለሽ ጻፊ» ብሎ አለፈ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ኪቦርዷን ወስጄ ሊኑክስ ላይ ሰካሁትና እያንዳንዱን የቁልፍ መጫንና መልቀቅ የሚያሳየውን `evtest` ከፈትኩ። ዜሮዋን ደጋግሜ ስጫን ይሄ መጣ፦

```
time 1709283641.412310, code 82 (KEY_KP0), value 0
time 1709283641.421477, code 82 (KEY_KP0), value 1
```

0 መልቀቅ ነው፣ 1 መጫን። በመሃል ያለው 9 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። በዚህ ፍጥነት ለቆ መልሶ የሚጫን ጣት የለም። ጠራኋትና አሳየኋት። ዝም ብላ አየችው፣ ከዚያ «ለሱም አሳየው» አለችኝ። አሳየሁት።

ኢንተሯም ትያዝ ነበር፤ የሷ ግን ሌላ ነው። ቁልፉ ተጭኖ ሲቀር እንደተያዘ መሆኑን የሚናገረው value 2 ይደረደራል፣ 0 አይመጣም። ክዳኑን ነቅዬ ስዊቹን ብቻዬን ስጫነው በደንብ ይመለሳል። ጥፋቱ ጎንና ጎን የሚደግፈው ሽቦ ላይ የደረቀ ጣፋጭ መጠጥ ነበር። አጠብኩት፣ አለቀ።

ዜሮዋ ግን አስቸገረችኝ። ስዊቹ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ይነካካሉ፤ ጤነኛም ቢሆን ሲነካኩ ትንሽ ይነጥራሉ፣ ኪቦርዱ ብዙውን ጊዜ 5 ሚሊሰከንድ ያህል ታግሦ ያልፈዋል። ብረቱ ቆሻሻ ሲይዝም ሲያልቅም ግን ንጥረቱ ከዚያ ይረዝማል፣ ስክሪኑ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ ኪቦርዱን ከኮምፒውተሩ ነቅዬ በስዊቹ መክፈቻ ሁለት ሦስት ጠብታ አይሶፕሮፒል አልኮል አስገባሁ፣ መቶ ጊዜ ያህል ተጫንኩት፣ አድሮ እስኪደርቅ ተውኩት። በማግስቱ ምንም አልነበረበትም። ደስ ብሎኝ መለስኩላት። ቆሻሻ ብቻ ቢሆን እዚያው ባበቃ ነበር።

በአራተኛው ቀን ተመልሳ መጣች።

ያኔ መልቲሜትር አወጣሁ። በስተጀርባ ያሉትን ሁለት እግሮች ይዤ ቁልፉን ተጭኜ ቆየሁ። ጤነኛ ስዊች ከ1 ኦም በታች ያሳያል፣ አይንቀሳቀስም። ይሄ ግን ጣቴን ትንሽ ወደ ጎን ስገፋው ወደ መቶዎች ይዘልላል። ታጥቦ ከደረቀ በኋላም እንዲህ ከሆነ ብረቱ ራሱ አልቋል ማለት ነው፤ አልኮሉ ጊዜ ገዛልኝ እንጂ አላዳነውም።

ሰሌዳውን እንዳልጠረጥር ደግሞ የዜሮዋን ስዊች በብየዳ ብረት ነቅዬ ማንም ከማይነካው Scroll Lock ስዊች ጋር አቀያየርኳቸው። መደገሙ ስዊቹን ተከትሎ ወደ Scroll Lock ሄደ። ዜሮዋ ዳነች።

አለቃችን ኪቦርዱ መበላሸቱን ሪፖርት ላይ ጻፈ። የሷን ስም ግን እሷን ከወቀሰው የመጀመሪያ ሪፖርት አልሰረዘም፤ ሁለቴ ጠይቄዋለሁ።