ለልጄ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቂያ ያዘጋጀሁት የደብዳቤ ደብተር

ልጄ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቷን ልትጨርስ ስትቃረብ ዘመዶች ሁሉ “ምን ትገዛላታለህ?” ይሉኝ ጀመር። ስልክ፣ ታብሌት፣ ሰዓት ሲባል ሰነበተ። እኔ ግን ለልደትም ሊሰጥ የሚችል ነገር አልፈለግኩም። በእነዚህ ዓመታት አብረዋት የነበሩ ሰዎች በእጃቸው የጻፉላትን ደብዳቤ ሰብስቤ በአንድ ደብተር ጠረዝኩላት።

አብዛኛው ሥራ ደብዳቤውን መሰብሰብ ነው። “እባክህ አንድ ነገር ጻፍላት” ካልክ የሚመጣልህ “እንኳን ደስ አለሽ፣ በርቺ፣ ጎበዝ ሁኚ” ነው። አሥር ሰው ቢጽፍ አሥሩም አንድ ዓይነት ይሆናል። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ጥያቄ ሰጠሁ፦ “እሷ ስታደርገው በዓይንህ ያየኸውን፣ እሷ ግን ልትረሳው የምትችለውን አንድ ነገር ንገራት።” የመጀመሪያ ክፍል መምህሯ፣ ስታለቅስ ከእናቷ ቀሚስ አልላቀቅ ትል የነበረችው ልጅ ቆየት ብላ አዲስ የመጣን አልቃሻ ልጅ እጁን ይዛ ወደ ክፍል እንዳስገባችው ጻፈችላት። ልጄ ይህን ጭራሽ አታስታውሰውም።

አያቷ መጻፍ አይችሉም። የነገሩኝን በስልክ ቀድቼ እንደወረደ ገለበጥኩት። አነጋገራቸውን አላስተካከልኩም፤ ከተስተካከለ የእሳቸው መሆኑ ይቀራል። ከጽሑፉ ሥር እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፌ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አወጣሁት። ከፊርማ ይበልጣል።

ደብዳቤዎቹን ከመጠረዜ በፊት ሁሉንም አነበብኩ። አንድ አጎቷ ገጹን ሙሉ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ሲያወዳድራት ነበር፤ “እንደሱ ከሆንሽ የት ትደርሻለሽ” ዓይነት። ክፋት የለውም፣ ግን ልጅ እንዲህ ያለውን ዕድሜዋን ሙሉ ትይዘዋለች። ደውዬ “ጋሼ፣ ስለ እሷ ብቻ ይሁንላት” አልኩት። ሳቀና ሌላ ጻፈ። ምክር የበዛበትንም በዚሁ መንገድ መመለስ ይቻላል።

ወረቀቱን ራሴ ማደሌ ከብዙ ጣጣ አዳነኝ። ለእያንዳንዱ ሰው የኤ-5 መጠን ያለው ወፈር ያለ ወረቀት ሰጥቼ፣ ከግራ በኩል ሦስት ሴንቲ ሜትር ላይ በእርሳስ አሰመርኩ። ጥርዙ ጠርዙን ስለሚወስድ፣ መስመሩ ከሌለ የጽሑፉ መጀመሪያ ክሩ ውስጥ ይገባል። በአንድ ገጽ ብቻ፣ በተራ እስክሪብቶ እንዲጽፉም ነገርኳቸው። ማርከር ወደ ጀርባው ያልፋል። ፎቶ ለለጠፍኩበት ገጽ ደረቅ ሙጫ ተጠቀምኩ፤ ፈሳሹ ወረቀቱን ያሸበሽበዋል።

ከዚያ በጠርዙ ሦስት ቀዳዳ በስቼ በወፍራም ክር ሰፋሁት። ከመሐለኛው ገብቶ፣ ወደ ላይኛው፣ ከዚያ ወደ ታችኛው፣ ተመልሶ መሐል ላይ ቋጠሮ። ሁለት ባዶ ወረቀትም ጨመርኩ፤ ዘግይቶ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም።

ሥነ ሥርዓቱን ውጤት ከመምጣቱ በፊት አደረግነው። ከውጤት በኋላ ከሆነ ዝግጅቱ የማርክ በዓል ይሆናል፤ ውጤቱ ዝቅ ካለ ደግሞ ቤቱ ለቅሶ ቤት ይመስላል። ግማሽ ሰዓት ያህል በቂ ነው። ንግግር የሚያደርግ ሰው አልመደብኩም፤ ማይክ የያዘ ዘመድ መቼ እንደሚለቀው አይታወቅም።

ደብተሩን ያቀረበላት ታናሽ ወንድሟ ነው። ሥራ ካልተሰጠው ቀኑን ሙሉ ሲያኮርፍ ይውል ነበር። የትኛው ደብዳቤ ጮክ ተብሎ ይነበብ የሚለውን እሷ መረጠች። በዚህ ዕድሜ በሰው ፊት ስሜት ሲነካ ያሳፍራል። የመምህሯን አስነበበች፤ የአያቷን ግን ለብቻዋ ልታነበው ወደ ክፍሏ ይዛው ሄደች፣ ማንም አልከለከላትም። ለማን ምስጋና ማቅረብ እንደምትፈልግም ቀድሜ ጠይቄያት ስለነበር በአጭሩ ተናገረች። በድንገት “በይ እስቲ ተናገሪ” ማለት ልጅን ማስጨነቅ ነው።

ሰው ያመጣው የታሸገ ስጦታ ሁሉ ደብዳቤው እስኪነበብ ድረስ ሌላ ክፍል ተቀመጠ። አብረቅራቂ ካርቶን እያለ ማንም ልጅ ደብዳቤ አይሰማም።

የታናሽ ወንድሟን ከአሁኑ ጀምሬያለሁ። መምህራን ትምህርት ቤት ይቀያየራሉ፣ ስልካቸውም ይጠፋል። ስለዚህ በየዓመቱ መጨረሻ ከመምህሩ አንድ ገጽ እየተቀበልኩ በፖስታ አስቀምጣለሁ።