የግል ወይስ የመንግሥት? ለድሬዳዋ ቤተሰብ የአንድ ዓመት የትምህርት ቤት ሒሳብ እንዴት እንደሠራሁት

የግል ትምህርት ቤት «በወር ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ለውሳኔ አይበቃም። በሩ ላይ የሚነገረው ወርሃዊ ክፍያ ከዓመቱ ሙሉ ወጪ ግማሹን ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሒሳቡን የጀመርኩት ከነሐሴ እስከ ሐምሌ ለአንድ ልጅ ከኪስ የሚወጣውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ በማስፈር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለማሳያ የተያዙ ናቸው፤ አንባቢ በራሱ ትምህርት ቤት ዋጋ ይተካቸው። አሠራሩ ግን ያው ነው።

አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ እንውሰድ። ምዝገባ 2,000 ብር፣ ወርሃዊ ክፍያ 2,200 ብር በ10 ወር 22,000፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚሸጣቸው መጻሕፍት 3,000፣ ሁለት ቅያሪ ዩኒፎርምና የስፖርት ልብስ 3,500፣ ደብተርና ቦርሳ 2,000፣ የባጃጅ ኮንትራት በወር 1,500 በ10 ወር 15,000፣ ለፈተና ወረቀት፣ ለጉብኝትና ለዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት 1,500። ድምሩ 49,000 ብር ይሆናል። ለ12 ወር ሲካፈል በወር 4,100 ብር ገደማ ነው። «2,200» ተብሎ የገባው ልጅ ማለት ነው።

ከትምህርት ቤቱ ክፍያ ቀጥሎ ትልቁ ወጪ ባጃጁ መሆኑን ልብ ይሏል። ለዚህ ነው በእግር የሚደረስበት ትምህርት ቤት ወርሃዊ ክፍያው በ1,000 ብር ቢበልጥም በዓመቱ መጨረሻ ርካሽ የሚሆነው። ኮንትራት ሲያዝ ሦስት ነገር አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል፦ በጥር የዕረፍት ሳምንታት ይከፈላል ወይ፣ ነዳጅ ሲጨምር ዋጋው በመሃል ይነሳል ወይ፣ ባጃጁ ላይ ስንት ልጅ ይጫናል። የመጨረሻውን ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ በዋጋው ርካሽ የሆነ ኮንትራት ግን ብዙ ጊዜ የተጣበበ ባጃጅ ነው። ሌላው የድሬ ጉዳይ ደቻቱ ነው። ቤት መጋላ ሆኖ ትምህርት ቤቱ ከዚራ ከሆነ፣ ጎርፍ በመጣ ቀን ልጁ ወንዙን እንዴት እንደሚሻገር ወይም ማን ዘንድ እንደሚቆይ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ሁለት ትምህርት ቤቶች በሌላው ሁሉ ቢመሳሰሉ፣ ከወንዙ በዚህ በቤታችን ወገን ያለውን እመርጣለሁ።

አሁን የመንግሥቱን እንሥራ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው «ነፃ ነው» ብሎ ዜሮ ሲጽፍ ነው። የትምህርት ክፍያ የለም እንጂ ወጪ አለ። የወላጅ መዋጮ 600፣ ዩኒፎርም 2,000፣ ደብተርና ቦርሳ 2,000፣ አጋዥ መጻሕፍት 800፣ ልዩ ልዩ 300። በዚህ ላይ በሳምንት ሦስት ቀን ቤት መጥቶ የሚያስጠና አስጠኚ በወር 1,200 ብር በ9 ወር 10,800 ጨመርኩ። ድምር 16,500፤ በወር 1,375 ብር። አስጠኚውን ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። ክፍሉ በተማሪ በተጨናነቀበት ትምህርት ቤት መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ ማንበብ መቻሉን ለማየት ጊዜ ስለማያገኝ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ያንን ክፍተት የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል። ወላጅ ራሱ በየማታው መቀመጥ ከቻለ ይህ ወጪ ይቀራል።

ፈረቃም ዋጋ አለው። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ፣ ሁለቱም ወላጅ ሥራ ላይ በሚውሉበት ቤት ለቀሪው ግማሽ ቀን ጠባቂ ያስፈልጋል። አያት ወይም ዘመድ ቤት ካለ ችግር የለም፤ ከሌለ የሠራተኛ ደመወዝ በመንግሥቱ ወገን ይጻፍና ልዩነቱ በአንዴ ይጠባል። ከሰዓት የሚገባ ልጅ ደግሞ በድሬ ሙቀት በቀትር እንደሚጓዝ አይረሳ።

የማስተማሪያ ቋንቋውም ከምዝገባ በፊት ይጣራ። በድሬዳዋ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ያስተምራሉ፤ ለቤት ቅርብ የሆነው ሁሉ ቤት በሚነገረው ቋንቋ ያስተምራል ማለት አይደለም።

በዚህ ምሳሌ የሁለቱ ልዩነት በዓመት 32,500 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ምን ይገዛል የሚለውን ለማየት ሕንፃውንና ቀለሙን አላይም። ከሁለቱም ትምህርት ቤት ሦስተኛ ወይም አራተኛ ክፍል የሚማር የጎረቤት ልጅ ደብተር ተውሶ የአንድ ወር ገጾችን መግለጥ ይሻላል። የቤት ሥራው ታርሟል ወይስ ከላይ የራይት ምልክት ብቻ ተጭሮበት አልፏል? የተሳሳተ መልስ ሥር መምህሩ ትክክለኛውን ጽፏል? ሒሳብ ላይ ልጁ የሠራበት መንገድ ይታያል ወይስ መልስ ብቻ ከሰሌዳ ተገልብጧል? ደብተሩ ሳይታረም የከረመበት የግል ትምህርት ቤት 32,500 ብሩን አያወጣም።

ዋናው ጥያቄ ግን ዘንድሮ መክፈል መቻል አይደለም፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ መክፈል መቻል ነው። አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛው 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ነው። ልጅን ከግል ወደ መንግሥት ማዛወር የሚቀለው በእነዚህ መገናኛዎች ላይ ነው፤ ያኔ ሁሉም ተማሪ አዲስ ስለሆነ። አራተኛ ክፍል መሃል ላይ ገንዘብ አልቆ ሲዛወር ግን ችግሩ ከመሸማቀቅ ያልፋል። ግል ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲማር የቆየ ልጅ፣ በአማርኛ «አካፋይ» እና «ተካፋይ» ሲባል ግራ ይገባውና ያወቀውን ያጣ ይመስለዋል። ጥቂት ወራት ይፈጅበታል እንጂ ይለምደዋል። በተቃራኒው ከመንግሥት የመጣ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን፣ ለእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ የሚሆን ገንዘብ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ መመደብ አለበት።

ስለዚህ ጭማሪውን አብሬ አሰላሁ። ሁሉም ወጪ በየዓመቱ በ20 በመቶ ቢጨምር፣ ዛሬ 49,000 የሆነው ስድስተኛ ክፍል ላይ 122,000 ብር ገደማ ይደርሳል። የቤቱ የተጣራ ገቢ በወር 20,000 ብር ሆኖ በየዓመቱ በ8 በመቶ ቢያድግ፣ በዚያን ጊዜ 29,400 አካባቢ ይሆናል። ዘንድሮ ከገቢው አንድ አምስተኛ የነበረው ወጪ ከሲሶ በላይ ይሆናል ማለት ነው። የራሴ መለኪያ የልጆች ሁሉ ትምህርት ከተጣራ ገቢ ሩቡን እንዳያልፍ ነው፤ በዚህ ምሳሌ አንዱ ልጅ ብቻውን ሦስተኛ ክፍል ላይ ያንን መስመር ይሻገራል። ሁለተኛ ልጅ ካለማ ከመጀመሪያው ዓመት ነው የሚሻገረው። እንዲህ ሲወጣ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ በወርሃዊ ክፍያ ዝቅ የሚል፣ በእግር የሚደረስ የግል ትምህርት ቤት፣ ወይም ከመጀመሪያው መንግሥት ከነአስጠኚው። «እስከቻልን እንሂድ» የሚለው ልጁን ሦስተኛ ወይም አራተኛ ክፍል ላይ አውጥቶ የሚጥል መንገድ ነው።

20 በመቶው ከየት መጣ ለሚል፣ ከደረሰኝ ነው የሚመጣው። እዚያው ከሚማር ልጅ ወላጅ ያለፉትን ሦስት ዓመታት የክፍያ ደረሰኝ ለምኖ ማየት ይበቃል። በወረቀት ላይ ምዝገባውና ወርሃዊው ለየብቻ ይታያል። አንዳንዱ ትምህርት ቤት በስብሰባ ላይ «ወርሃዊውን በ15 በመቶ ብቻ ጨመርን» ብሎ ምዝገባውን እጥፍ ያደርገዋል። በወላጆች ስብሰባ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ጭማሪው ምዝገባንና መጽሐፍን ይጨምራል ወይ፣ ለወንድምና ለእህት ቅናሽ አለ ወይ፣ መልሱስ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዛል ወይ።

ግል ከተመረጠ ደግሞ ትልቁ ጭንቅ ዓመቱ ሲከፈት ነው። ብዙ ትምህርት ቤት በሩብ ዓመት ስለሚያስከፍል፣ ከነሐሴ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ምዝገባ 2,000፣ የመጀመሪያው ሩብ 5,500፣ መጽሐፍ 3,000፣ ዩኒፎርም 3,500፣ ደብተርና ቦርሳ 2,000፣ የባጃጅ የመጀመሪያ ወር 1,500 በአንድነት ይመጣሉ። 17,500 ብር ነው፤ እንቁጣጣሽና መስቀልም በዚያው ላይ። ይህን ከመስከረም ደመወዝ አወጣለሁ ያለ ሰው ብድር ውስጥ ይገባል።

መፍትሔው የሚቀጥለውን ዓመት መክፈቻ ከጥቅምት መጀመር ነው። 17,500 ላይ 20 በመቶ ሲታከል 21,000፤ ከጥቅምት እስከ ሐምሌ ለ10 ወር ሲከፈል በወር 2,100 ብር። የዘንድሮው ቀሪ ወጪ 31,500 ለእነዚሁ 10 ወራት በወር 3,150። ስለዚህ ደመወዝ በገባ ቀን 5,250 ብር ለዚህ ብቻ ወደ ተከፈተ የባንክ ደብተር ይሄዳል፤ ነሐሴና መስከረም ላይ ከደመወዝ ምንም አይነካም። ሩቡ ሲደርስ ክፍያው የሚወጣው ከዚያው ነው። ሂሳቡ ከቴሌብርና ከዕለት ወጪ ተለይቶ ካልተቀመጠ በመጀመሪያው ለቅሶ ወይም ሠርግ ይሳሳል። የባንኩን ወለድ እንደ ትርፍ አልቆጥረውም፤ በ7 በመቶ ቢሰላ ለ10 ወሩ ከ1,000 ብር በታች ነው፣ ጭማሪውን አይደርስበትም።

እቁብ ይሻላል የሚሉ አሉ። ይሻላል፣ ዕጣው ነሐሴ ላይ እንዲወጣ ከዳኛው ጋር አስቀድሞ ስምምነት ካለ። ያለዚያ ዕጣው ታኅሣሥ ላይ ይወጣና ገንዘቡ እስከ ነሐሴ አይቆይም፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ ዕጣውን የሚፈልገው ወላጅ ሁሉ ነው። ደብተሩን በደርዘን፣ የዩኒፎርሙን ጨርቅ በሜትር ሐምሌ ላይ መግዛት ከመክፈቻው ወጪ የተወሰነውን ይቀንሳል፤ ጳጉሜ ላይ አሸዋ ገበያ መውጣት ከግርግሩ ሌላ ዋጋውም ይጨምራል፣ ልብስ ሰፊውም ወረፋ አለበት። ትምህርት ቤቱ ዩኒፎርሙን ከራሱ ብቻ ግዙ ካለ ግን ጨርቁ አይገዛ።

ማዛወር የታሰበ ከሆነ ሰኔ ላይ ካርድ ሲሰጥ መሸኛው አብሮ ይጠየቅ። ግል ትምህርት ቤት ቀሪ ክፍያ ካለ መሸኛ አይሰጥም፤ ያልተመለሰ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍም ያስይዛል። ክረምት ላይ ጸሐፊው ዕረፍት ስለሚወጣ ነሐሴ ላይ የሄደ ወላጅ ማኅተም የሚመታለት አያገኝም፤ የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ደግሞ ያለ መሸኛ፣ ያለ ልደት ካርድና ያለ ነዋሪነት መታወቂያ አይመዘግብም፣ ቦታውም ከሞላ ወደ ራቀው ይልካል። ያኔ ባጃጁ እንደገና ሒሳብ ውስጥ ይገባል።