የመልቀቂያ ደብዳቤዬ

ዛሬ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ጽፌ ጨረስኩ። በአራስ ሕፃናት ነርሲንግ ማስተርሴን ልማር ነው። ደብዳቤው አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም፣ ግን ምሽቱን በሙሉ ወሰደብኝ።

ቀኑ ቀላል መስሎኝ ነበር። የአንድ ወር ቅድመ ማስታወቂያ መስጠት ግድ ነው። ነሐሴ 20 ላስገባው ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን ስለምትጨምር ግን 30 ቀኑ የሚሞላው መስከረም 15 ነው። ስለዚህ «ከአንድ ወር በኋላ» ብዬ አላለፍኩትም፣ የመጨረሻ የሥራ ቀኔን በግልጽ ጻፍኩ። ሜትሮናችን የመስከረምን የተረኛ ፕሮግራም ስታወጣ መቼ ድረስ እንዳለሁ ማወቅ አለባት።

ምስጋናው ላይ «ስለተደረገልኝ ሁሉ» ማለት አላስቻለኝም። ትንፋሽ ያጣ አራስ በአምቡ ባግ ማስተንፈስን እጄን ይዘው ያስተማሩኝን ነባር ሲስተሮች አነሳሁ። ዛሬም እጄ የሚሠራው እነሱ ባሳዩኝ መንገድ ነው።

ብዙ ያሰብኩት ርክክቡ ላይ ነው። የንብረቱ ችግር የለውም። ፐልስ ኦክሲሜትር፣ ቴርሞሜትር፣ የኦክስጅን ማሽን፣ ሁሉም ተቆጥሮና ተፈርሞበት ይሰጣል። ያለዚያ ክሊራንስም አያልቅም። ፎርሙ ላይ የማይሰፍረው የክፍሉ ጠባይ ነው።

እኛ ያለነው በሰሜን ሸዋ ደጋ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ባለፈው ክረምት ያለ ቀኑ የተወለደ፣ 1,600 ግራም የሚመዝን ልጅ ነበረን። ቀን ቀን ሙቀቱ ደህና ነው። ንጋት ላይ ግን 35.8 ይወርዳል፤ ከ36.5 በታች ደግሞ ለአራስ ብርድ ነው። ኢንፌክሽን ይሆናል ብለን ሐኪም ጠርተን ተመረመረ። ሌሊቱን ተከታትለን ስንለካው ግን የሚወርደው ሁልጊዜ ከ10 ሰዓት በኋላ ነበር። የእናቱ አልጋ መስኮቱ ሥር ነው። እሷም ደክሟት እንቅልፍ ሲወስዳት ከደረቷ አውርዳ አጠገቧ ታስተኛዋለች። አልጋውን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዞርነው። ኮፍያና ካልሲ አድርገንለት ደረቷ ላይ በጨርቅ አሰርነው፣ ከላይ ጋቢ ደረብንላቸው። በሚቀጥለው ንጋት 36.7 ሆነ።

ይህን በወረቀት ብቻ ማስረከብ አይቻልም። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ እንዲህ አልኩ፦ «በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ከምትተካኝ ባለሙያ ጋር አብሬ ለመሥራትና ርክክቡን በጽሑፍም በተግባርም ለመፈጸም ፈቃደኛ ነኝ። ከተቻለ የሌሊት ተራዎችም እንዲካተቱ እጠይቃለሁ።» ቀን ብቻ ብናደርገው ያንን ሰዓት አታየውም።

ነገ ሁለት ኮፒ ይዤ መዝገብ ቤት እሄዳለሁ። አንዱ ላይ ማኅተምና ቀን አስመትቼ እኔው ጋ አስቀራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሜትሮኗ ከመዝገብ ቤት ሳይሆን ከእኔ አፍ እንድትሰማው እፈልጋለሁ፤ ቢሮዋ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር እገባለሁ።