የማን ጥቁር?

ትናንት ማታ 15 በ15 የሆነ ኖኖግራም ይዤ ተቀመጥኩ። ከመተኛቴ በፊት እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር፤ ያለቀው ግን ላጲሱ ነው። የተሳሳትኩት የት እንደሆነ ዛሬ ጠዋት ስለገባኝ፣ ሳልረሳው ልጻፈው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፦ በካሬ የተከፋፈለ ሰንጠረዥ ይሰጥሃል። በየረድፉ ግራ እና በየዓምዱ አናት ላይ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ቁጥሮቹ በዚያ መስመር ላይ ስንት ስንት ካሬ ተያይዞ እንደሚጠቁር በቅደም ተከተል ይናገራሉ። በአንዱ ብሎክና በሚቀጥለው መካከል ቢያንስ አንድ ባዶ ካሬ አለ። ከአንድ ይበልጥ እንደሆነ ግን የሚነግርህ የለም፤ ሥራው እሱን ማወቅ ነው። በመጨረሻ ሥዕል ይወጣል፤ ለእኔ ሥዕሉ ምርቃት ነው።

ያበላሸሁት 6ኛውን ረድፍ ነው። ፍንጩ 5 4 1 ይላል። እንዲህ ያለ ረድፍ ሳገኝ ሁልጊዜ የማደርገውን አደረግኩ። መጀመሪያ ሁሉንም ብሎክ ወደ ግራ ጠጋ አድርጌ አስቀመጥኩ፤ 5ቱ ከ1 እስከ 5፣ 4ቱ ከ7 እስከ 10፣ 1ዱ 12 ላይ። ቀጥዬ ሁሉንም ወደ ቀኝ ገፋሁ፤ 1ዱ 15 ላይ፣ 4ቱ ከ10 እስከ 13፣ 5ቱ ከ4 እስከ 8። ከዚያ ሁለቱን አነጻጽሬ በሁለቱም ላይ ጥቁር የሆነውን ካሬ ሁሉ አጠቆርኩ፦ 4፣ 5፣ 7፣ 8፣ 10 እና 12። ስድስት ካሬ በአንድ ጊዜ! ደስ ብሎኝ ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

ነገሩ የፈነዳው ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው፤ ያውም እዚያ ረድፍ ላይ አይደለም። 8ኛው ዓምድ አናቱ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ አለው፣ 4። ዓምዱ ላይ ግን ሁለት ጥቁር ካሬዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ 6ኛው ረድፍ ላይ፣ ሌላው 11ኛው ላይ። ከ6 እስከ 11 ሲቆጠር ስድስት ካሬ ነው። ርዝመቱ 4 የሆነ አንድ ብሎክ ሁለቱንም ሊነካ አይችልም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው።

እዚህ ላይ ነው ጥፋት በጥፋት ላይ የጨመርኩት። ስህተቱ በታየበት አካባቢ ነው የሚኖረው ብዬ 11ኛውን ረድፍ መሰረዝ ጀመርኩ። በዚያ ረድፍ ላይ ግን ምንም ጥፋት አልነበረም። ፍንጩ 12 ነው፤ አንድ ብሎክ፣ በ15 ካሬ ውስጥ። የሚንቀሳቀስበት ቦታ ሦስት ካሬ ብቻ ስለሆነ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ብትገፋው ከ4 እስከ 12 ያሉት ዘጠኝ ካሬዎች ከእጁ አይወጡም። 8ኛው ደግሞ መሃላቸው ነው። እኔ ግን ደግሜ ሳልቆጥር ሰረዝኩት፤ ከዚያ እሱን ተከትለው የተሞሉትን ዓምዶች ሰረዝኩ፤ ወረቀቱ ሳሳ፤ ተኛሁ።

ጠዋት ታላቅ እህቴ ወረቀቱን አየችው። ይህን ጨዋታ ከእኔ ቀድማ የጀመረችው እሷ ናት፤ ብዙ አትናገርም፣ የምትናገረው ግን ያስቆጣል። ጣቷን 6ኛው ረድፍ ላይ፣ 8ኛው ካሬ ላይ አሳረፈች።

«ይሄን ለምን አጠቆርከው?»

«በግራውም በቀኙም ጥቁር ነው።»

«የማን ጥቁር?»

ጥያቄው መጀመሪያ አልገባኝም። ጥቁር ጥቁር ነው፣ ባለቤት አለው እንዴ? እርሳሱን ተቀብላኝ በጠርዙ ላይ ጻፈች። ካሬ እያጠቆረች ሳይሆን፣ በእያንዳንዱ ካሬ ላይ የብሎኩን ቁጥር እየጻፈች፦

```
55555-4444-1---
---55555-4444-1
```

ከላይ ወደ ታች ሳነበው ወዲያው ታየኝ። 4ኛውና 5ኛው ካሬ ላይ ከላይም 5፣ ከታችም 5 ነው። 10ኛው ላይ ከላይም ከታችም 4 ነው። 7ኛውና 8ኛው ላይ ግን ከላይ 4፣ ከታች 5። 12ኛው ላይ ከላይ 1፣ ከታች 4። እነዚህ ሦስቱ በሁለቱም ጫፍ ጥቁር ይሁኑ እንጂ ያጠቆራቸው ብሎክ አንድ አይደለም። ብሎኮቹ ከግራ ጫፍ ወደ ቀኝ ጫፍ ሲጓዙ አንዱ ከካሬው ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ድረስ መሃል ላይ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ። 5ቱን ከ3 እስከ 7፣ 4ቱን ከ9 እስከ 12፣ 1ዱን 14 ላይ ብታደርግ ፍንጩ በትክክል ተሟልቷል፤ 8ኛው ካሬ ግን ባዶ ነው።

አንድ ብሎክ ብቻውን ሲሆን ይህ ጣጣ የለም። ከግራ ጫፉ ወደ ቀኝ ጫፉ ሲንሸራተት መነሻውም መድረሻውም የራሱ ነው፤ የተደራረበው ክፍል በየትኛውም ማቆሚያ ላይ ከሥሩ አይወጣም። መደራረብ ማስረጃ የሚሆነው ለዚህ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ጨዋታውን የተማርኩት አንድ ቁጥር ባላቸው ረድፎች ስለነበር ባለቤቱን መጠየቅ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

እህቴ ከሄደች በኋላ አላመንኩም ነበርና የረድፉን አማራጮች በሙሉ በወረቀቱ ጀርባ ጻፍኳቸው። 20 ሆኑ። 8ኛው ካሬ በ11ዱ ጥቁር ነው፣ በ9ኙ ባዶ። 7ኛው እንዲያውም ጥቁር የሚሆነው በ8ቱ ብቻ ነው። ያን ያህል በእርግጠኝነት ያጠቆርኩት ካሬ ሳንቲም ከመወርወር የማይሻል ኖሯል። 4፣ 5 እና 10 ግን በ20ውም ላይ ጥቁር ናቸው፤ ከእነሱ ሌላ አንድም የለም።

20 አማራጭ መጻፍ ለአንድ ጠዋት ጥሩ ነው፣ ለየረድፉ ግን እብደት ነው። ዛሬ መጠቀም የጀመርኩት የሒሳብ መንገድ ባለቤቱን ራሱ ይጠብቃል፣ ምክንያቱም የሚሠራው በየብሎኩ ነው። ፍንጮቹን ደምር፣ 5 ሲደመር 4 ሲደመር 1፣ 10። መሃላቸው የግድ ያሉትን ሁለት ባዶዎች ጨምር፣ 12። ከ15 ሲቀነስ 3 ይተርፋል። ይህ ትርፍ እያንዳንዱ ብሎክ ሊንሸራተት የሚችልበት ርቀት ነው። አሁን ትርፉን ከየቁጥሩ ቀንስ፦ ከ5 ሁለት ካሬ ይቀራል፣ ከ4 አንድ፣ ከ1 ምንም። ሁለትና አንድ፣ ሦስት ካሬ። እኔ ስድስት አጥቁሬ ነበር!

የትኞቹ ሁለት እንደሆኑ ላይም ሰው ይሳሳታል። ወደ ግራ ካስጠጋኸው ብሎክ የመጀመሪያዎቹ ሳይሆኑ የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ ከ1 እስከ 5 ካስቀመጥከው 4 እና 5። የመጀመሪያዎቹማ ብሎኩ ትንሽ እንደተንሸራተተ ባዶ የሚቀሩት ናቸው። ትርፉ ከትልቁ ቁጥር ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ደግሞ ረድፉ ለጊዜው ምንም አይሰጥም። ለምሳሌ 9ኛው ረድፌ 3 3 2 ነው፤ ከባዶዎቹ ጋር 10፣ ትርፉ 5። እሱ ላይ አፍጥጦ መቀመጥ ዋጋ የለውም፣ ከዓምዶቹ እርዳታ እስኪመጣ ትተኸው ትሄዳለህ።

ለ6ኛው ረድፍ እርዳታው የመጣው ከዚያው ካጋጨኝ ዓምድ ነው። 8ኛው ዓምድ ላይ የቀረው እውነተኛ ጥቁር 11ኛው ረድፍ ላይ ያለው ነው። ርዝመቱ 4 የሆነው ብሎክ እሱን መያዝ ስላለበት ከ8ኛው ረድፍ በላይ ሊወጣ፣ ከ14ኛው በታችም ሊወርድ አይችልም። ስለዚህ ከ1 እስከ 7 ያሉት ረድፎች እና 15ኛው በዚያ ዓምድ ላይ የግድ ባዶ ናቸው፤ ባዶነታቸው እንዲታወቅ ኤክስ ይደረግባቸዋል። 6ኛው ረድፍ እዚያ ውስጥ ነው። ማታ ያጠቆርኩት ካሬ ላይ ኤክስ አደረግኩ።

ከዚያ ደግሞ ረድፉን እንደ አዲስ አነበብኩት፤ ኤክስ ሲገባ የድሮው ትርፍ አይሠራምና። 5ቱ ከ8ኛው ካሬ በፊት ማለቅ አለበት፤ የቀኝ ጫፉ አሁን ከ3 እስከ 7 ነው፣ ከ4 እስከ 8 መሆኑ ቀርቷል። ለእሱ ትርፉ 2 ሆነ፣ 3፣ 4 እና 5 ተረጋገጡ። 4ቱ ደግሞ ኤክሱን መሻገር ስላለበት ቶሎ ቢጀምር 9 ላይ ነው፣ ቢዘገይ 10 ላይ። ትርፉ 1 ብቻ፤ 10፣ 11 እና 12 የእሱ ሆኑ። 1ዱ 14 ላይ ይሁን 15 ላይ ገና አልታወቀም። ይሄም አንድ ነገር አስተማረኝ፦ ኤክስ ያለበት ረድፍ ላይ ትርፉ ለሁሉም ብሎክ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ለየብቻ መቆጠር አለበት። ጥቁሩን እየሞሉ ኤክሱን መጻፍ የሚሰንፍ ሰው አለ፤ እኔ ከዛሬ በፊት እንደዚያ ነበርኩ።

12ኛው ካሬ ማታ ያለ ማስረጃ አጥቁሬው፣ ጠዋት አጥፍቼው፣ ከቁርስ በኋላ በማስረጃ መልሼ አጠቆርኩት። ተመልካች ቢኖር ይሄ ሰው ምን ነካው ይለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም አለቀ። 9ኛው ዓምድ በ6ኛው ረድፍ ላይ ባዶ ሆኖ ሲወጣ 4ቱ ከ10 እስከ 13 ተቀመጠ፣ 1ዱ 15 ላይ ሄዶ አረፈ። 5ቱ ደግሞ በ7ኛው ዓምድ ፍንጭ ከ3 እስከ 7 ሆነ። ማለትም በስህተት ካጠቆርኳቸው ሦስት ካሬዎች ሁለቱ፣ 7ኛውና 12ኛው፣ በመጨረሻ በእርግጥም ጥቁር ሆነው ተገኙ። ይህን ልማድ ለስንት ጊዜ ሳላውቀው እንደያዝኩት የገባኝ ያኔ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ይሳካ ነበር።

ለእህቴ ሁለቱ ልክ ነበሩ ስላት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ታዲያ የማን ሆነው ወጡ?» አለች። 7ኛው የ5ቱ፣ 12ኛው የ4ቱ። ወረቀቱ ላይ ቼክ አድርጌ ነው የመለስኩላት።