ላክቶስ ጨምሬም ጂኑ እምቢ ያለኝ ለምንድን ነው?

«ላክቶስ ካለ ጂኑ ይበራል፣ ከሌለ ይጠፋል።» ስለ ላክ ኦፐሮን፣ ማለትም ባክቴሪያ ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር እንዲጠቀም ስለሚያደርጉት ጂኖች፣ የምትነገረውን ይህችን አረፍተ ነገር አምኜ ቤተ ሙከራ ገባሁ፤ ሁለት ሳምንት ያባከነችብኝም እሷው ናት።

የተለመደው ሥራ ቀላል ነበር። ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ አሳደግኩ፣ ላክቶስ ጨመርኩ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ናሙና ወስጄ የሴሎቹን ሽፋን በክሎሮፎርም ካላላሁ በኋላ ኦኤንፒጂ አከልኩበት። ኦኤንፒጂ ቀለም የለውም። የላክ ኦፐሮን ምርት የሆነው ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ ሲቆርጠው ግን ቢጫ ይሆናል።

የእኔ ቱቦ ቢጫ አልሆነም። ላክቶሱን እጥፍ አደረግኩት፤ ያው ነው። አዲስ ኦኤንፒጂ በጠበጥኩ፤ ያው ነው። የላብራቶሪው ኃላፊ የሚሰጠኝ ምክር «መመሪያውን ተከተል» ብቻ ነበር። መመሪያው ደግሞ ባክቴሪያው በሚያድግበት ፈሳሽ ውስጥ 0.2 በመቶ ግሉኮስ ይግባ ይላል! እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይህንን መስመር በየቀኑ እያነበብኩ አለማስተዋሌ ነው።

ፍንጩ የመጣው አንድ ቀን ናሙና መውሰዱን እስከ ምሽት በማዘግየቴ ነው። ያ ናሙና ቢጫ ሆነ። ባክቴሪያው ግሉኮሱን በልቶ ሲጨርስ ወደ ላክቶስ ዞሯል ማለት ነው።

በማግስቱ አራት ቱቦ አዘጋጀሁ። ሁለቱ ውስጥ ግሉኮስ፣ ሁለቱ ውስጥ በግሉኮስ ፈንታ ግሊሰሮል ነበረ። ከየጥንዱ ለአንዱ ላክቶስ፣ ለሌላው እንደ ላክቶስ ጂኑን የሚያበራ አይፒቲጂ የተባለ ኬሚካል 1 ሚሊሞላር ሰጠሁ። ግሊሰሮል ያላቸው ሁለቱም ደማቅ ቢጫ ሆኑ። ግሉኮስና ላክቶስ ያለበት ጥርት ብሎ ቀረ። ግሉኮስና አይፒቲጂ ያለበት ግን ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሰጠ፤ ነገሩ የገባኝ በዚህ ቱቦ ነው።

እኔ የተማርኩት ግሉኮስ ሲኖር ሳይክሊክ ኤኤምፒ ስለሚያንስ ጂኑን የሚያግዘው ፕሮቲን ይዳከማል የሚለውን ነው። እውነት ነው፤ ቢጫው የፈዘዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ላክቶስን ከንቱ ያደረገው ግን በር ላይ ያለው ነገር ነው። ሴሉ ግሉኮስ እያስገባ ሳለ፣ ግሉኮስ በማስገባቱ ሥራ የሚሳተፍ አንድ ፕሮቲን ላክቶስ አስገቢውን ፐርሚዬዝ ይዞ ያግደዋል። ላክቶስ ካልገባ ወደ አሎላክቶስ አይለወጥም፤ አፋኙን ፕሮቲን ከዲኤንኤው ላይ የሚያስለቅቀው ደግሞ አሎላክቶስ ነው። አይፒቲጂ በዚህ መጠን ሲሰጥ ያለ ፐርሚዬዝም ስለሚገባ፣ መለወጥም ስለማያስፈልገው አፋኙን በቀጥታ ያስለቅቃል።

ስለዚህ መመሪያው ምንም ይበል፣ መጀመሪያ በግሊሰሮልና በአይፒቲጂ ሞክሩ። ያ ቢጫ ካልሆነ ችግሩ ከዝርያው ወይም ከኦኤንፒጂው ነው፤ ለክሎኒንግ የሚውሉ ብዙ ዝርያዎች የተሟላ ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ የላቸውም። ቢጫ ከሆነ ወደ ላክቶስ እለፉ። ሌሊቱን ያሳደጋችኋቸው ሴሎች ግሉኮስ ውስጥ ከነበሩም አጥባችሁ ጀምሩ።